አረንጓዴ ድንኳን፣ ነጭ ነጠላ፦ የአንድ መልስ ቪዲዮ የከለር ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት

ሥራው የመልስ ቪዲዮ ነው። ኤዲቱ አልቆ ደርሶኛል፤ 22 ደቂቃ፣ 214 ሾት። የቀረው ከለሩ ብቻ ነው። ድግሱ የተደገሰው ሰፊ ግቢ ውስጥ ሲሆን የኪራይ ድንኳን ተተክሎበታል፤ ሸራው ደግሞ አረንጓዴ ነው። የድግስ ቪዲዮ ነክቶ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ ምን እንደምል ገብቶታል። ፀሐዩ ሸራውን አልፎ ሲገባ ከሥሩ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሙሽራዋም፣ ድፎ ዳቦውም፣ የአባቷ ሽበትም።

ካሜራው ሁለት ነው። አንደኛው በ10 ቢት ኤስ-ሎግ 3፣ ማለትም ብዙ ብርሃን ለመያዝ ሥዕሉን አደብዝዞ በሚቀዳ ሎግ፣ የቀዳ ነው፤ "ትልቁ" እለዋለሁ። ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ 8 ቢት፣ ለተራ ስክሪን የተዘጋጀው ሬክ 709፣ ዋይት ባላንሱም አውቶ ላይ የተተወ። እሱን "ትንሹ" ልበለው።

ዛሬ ማታ አራት ሰዓት ተቀምጬ 60 ሾት ያህል በዓይኔ አስተካከልኩ። አረንጓዴውን ቀነስኩ፣ ሞቅ አደረግኩት፣ ጥሩ መሰለኝ። ልተኛ ነው።

እሑድ፣ ረፋድ 4 ሰዓት

መጋረጃውን ከፍቼ ፋይሉን ሳየው ደነገጥኩ። ሙሽሮቹም ሚዜዎቹም የወፍ በሽታ የያዛቸው ይመስላሉ። ቢጫ ናቸው፣ ከሥሩም አረንጓዴው አለቀቃቸውም።

የሆነው ግልጽ ነው። ክፍሌ ውስጥ ያለው አምፖል ቢጫ ነው። ዓይን በቢጫ ብርሃን ውስጥ ሲቆይ ያንን ብርሃን እንደ ነጭ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ትክክለኛው ነጭ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ይመስለዋል፣ እኔም እያሞቅኩ ሄድኩ። በዚያ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ አረንጓዴ ሳይ ስለቆየሁ ዓይኔ አረንጓዴውንም ለምዶታል፤ ግማሹን ቀንሼ ሁሉንም የቀነስኩ መሰለኝ። ዓይን የሚያወዳድር እንጂ የሚለካ አይደለም።

የ60ውንም ሾት ኖድ፣ ማለትም ማስተካከያው የተቀመጠበትን ሣጥን፣ ደመሰስኩ። ያናደደኝ የጠፋው ሌሊት ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሥራ አንድ ላይ ስሠራ ማደሬም ጭምር ነው። እንዳልደግመው እዚህ ልጻፈው።

ኮሬክሽን እርማት ነው። ካሜራው የሳተውን፣ ድንኳኑ የቀባውን ማስለቀቅ ነው። መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ግራጫው ግራጫ፣ ነጩ ነጭ፣ ፊቱ የሰው ፊት መሆን አለበት። እያንዳንዱ ሾት በራሱ መንገድ ስለተበላሸ እርማቱም በሾት በሾት ነው። ግሬዲንግ ግን መልክ መስጠት ነው። እዚያ ትክክልና ስህተት የለም፤ ሞቅ ይበል፣ ይቀዝቅዝ፣ ጥላው ይጥቆር የሚለው ምርጫ ነው፣ ምርጫውም ለአንድ ትዕይንት በሙሉ አንድ ነው። እኔ ሌሊት ያደረግኩት ገና ያልታረመ ሾት ላይ "ሞቅ ያለ መልክ" መደረብ ነው። ያልታጠበ ልብስ ማቅለም ማለት ነው፤ ቆሻሻው ባለበት ቀለሙ እኩል አይዝም።

ስለዚህ እስከ ረቡዕ ድረስ ስለ መልክ አላስብም። እርማት ብቻ፣ እሱም በስኮፕ፣ ብርሃንና ቀለሙን በሚለካው ግራፍ።

እሑድ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

አምፖሉን አጥፍቼ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ሦስት ስኮፕ ከፈትኩ። ዌቭፎርም ሥዕሉን ከግራ ወደ ቀኝ እንዳለ ይከተላል፤ ከፍታው የብርሃን መጠን ነው፣ 0 ድፍን ጥቁር፣ 1023 የመጨረሻው ነጭ። ፓሬድ ያንኑ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለየብቻ ጎን ለጎን ያሳያል። ቬክተርስኮፕ ክብ ነው፤ መሐሉ ቀለም አልባ፣ አቅጣጫው የቀለሙ ዓይነት፣ ከመሐል መራቁ ደግሞ የቀለሙ ብርታት ነው።

ካሜራ የያዘው ልጅ እግዜር ይስጠው፣ ድግሱ ሳይጀመር 18 ከመቶ ግራጫ ካርድ ከድንኳኑ ሥር ይዞ ሦስት ሰከንድ ቀድቷል። ኤዲተሩ ቆርጦ ጥሎት ነበር፤ ከጥሬው ፋይል ፈልጌ አመጣሁት። ከ214ቱ ሾቶች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው።

ለትልቁ ካሜራ የሠራሁት የኖድ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦

```
Node 1: Offset
Node 2: Color Space Transform
  Input Color Space:  S-Gamut3.Cine
  Input Gamma:        S-Log3
  Output Color Space: Rec.709
  Output Gamma:       Gamma 2.4
```

ሁለተኛው ኖድ የደበዘዘውን ሎግ ወደ ተራ ስክሪን ሥዕል ይለውጠዋል። እርማቱ ከእሱ በፊት ነው የሚገባው፤ ለምን በፊት እንደሆነ ማወቅ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው።

ድንኳኑ ያደረገው ምንድን ነው? ከፀሐይ የመጣውን ብርሃን አጣርቶ ቀዩንና ሰማያዊውን ቀነሰ፣ አረንጓዴውን አሳለፈ። ይሄ ማባዛት ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም በሆነ ቁጥር ተባዝቷል። የብርሃን ማነስም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ስቶፕ አነሰ ማለት በግማሽ ተባዛ ማለት ነው። ሎግ ላይ ደግሞ ማባዛት መደመር ይሆናል። ስለዚህ ኦፍሴትን፣ ማለትም ሁሉንም ከጥላ እስከ ነጭ እኩል ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን መንኮራኩር፣ ሎግ ላይ ሳንቀሳቅሰው ቀረጻው ቦታ ላይ ተገኝቼ አይሪሱን እንደከፈትኩት ነው። ሌንሱ ላይ ማጣሪያ እንደገጠምኩት ነው። ከለውጡ በኋላ ብሠራው ግን ነጩን ሳስተካክል ጥላው ይቀለማል፣ ጥላውን ሳስተካክል ነጩ ይመለሳል፤ ሌሊት ሲያሳድደኝ ያደረው ይሄ ነበር።

አንድ ነገር፦ የኦፍሴት ቁጥር ሳይነካ 25.00 ላይ የሚቀመጠው በዘፈቀደ አይደለም። የፊልም ላቦራቶሪ ሰዎች ኮፒ ሲያትሙ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መብራታቸውን ከ1 እስከ 50 በሆነ መለኪያ ያስተካክሉ ነበር፤ መሐሉ 25 ነው። ሥራው ያው የእነሱ ሥራ ነው።

አሁን መለካት። ሁለተኛውን ኖድ በ`Ctrl+D` አጠፋሁትና ካርዱን በጥሬ ሎጉ አየሁት። ኤስ-ሎግ 3 ላይ በትክክል የተነሣ 18 ከመቶ ግራጫ 420 ላይ መቀመጥ አለበት። ፓሬዱ ያሳየኝ ቀይ 330፣ አረንጓዴ 362፣ ሰማያዊ 336 ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛ፣ ሦስቱም ከ420 በታች ናቸው። በኤስ-ሎግ 3 አንድ ስቶፕ በግምት 79 ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ሾቱ አንድ ስቶፕ ያህል ጨልሟል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ግቢው ነጭ በነጭ ነው፣ የካሜራው መለኪያ ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ልጁም መለኪያውን አምኗል። ሁለተኛ፣ አረንጓዴው ከቀዩ በ32 ነጥብ ይበልጣል። በብርሃን ሲተረጎም ሲሶ ያህል ብልጫ ነው።

መሐሉን ጎማ ስስበው ሦስቱም አብረው ወጡ፤ ከዚያ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ አስተካክዬ ሦስቱም 420 ላይ እንዲደርሱ አደረግኩ። ሁለተኛውን ኖድ መልሼ ሳበራው ካርዱ ግራጫ ሆነ። የያዘው እጅም የሰው እጅ ሆነ። ሃያ ሰከንድ አልፈጀም፤ ሌሊት አራት ሰዓት ነበር የፈጀብኝ።

ሰኞ፣ ጠዋት

ያንኑ እርማት ድንኳኑ ሥር ለተነሡት የትልቁ ካሜራ ሾቶች ገለበጥኩት። ቀን 6 ሰዓት አካባቢ የተነሡት በትክክል ገጠሙ። ከ9 ሰዓት በኋላ ያሉት ግን አልገጠሙም፤ ፀሐዩ ዘንበል ሲል በጎን የሚገባው ብርሃን እየበዛ አረንጓዴው እየሳሳ ሄዷል። ካርድ ደግሞ የተነሣው አንዴ ብቻ ነው።

ካርድ ከሌለ ግራጫ ወይም ነጭ የሆነ ነገር ይፈለጋል። ነጠላ! ሦስት መቶ ነጠላ አለ። የሙሽራዋ እናት የለበሱትን መረጥኩ፤ በየሾቱ አሉበት። የኳሊፋየሩን ጠብታ ይዤ ሥዕሉ ላይ በቀኝ ተጫንኩና `Show Picker RGB Value` የሚለውን ባለ 10 ቢቱን አበራሁ፤ ጠቋሚው ያረፈበትን ነጥብ ሦስት ቁጥር ይነግራል። ሦስቱን ቁጥሮች እኩል አደረግኳቸው።

የሰዉ ፊት ሰማያዊ ሆነ። ብዙ አይደለም፣ ግን ሰዉ ሁሉ የበረደው ይመስላል።

ተመልሼ ካርዱ ያለበትን ሾት አየሁ። እናትየው ከካርዱ ጀርባ ሁለት ሜትር ላይ ቆመዋል! ካርዱ ፍጹም ግራጫ በሆነበት በዚያ ሾት ነጠላቸውን ለካሁት፦ ቀይ 742፣ አረንጓዴ 728፣ ሰማያዊ 690። ነጠላው ነጭ አይደለማ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፤ ትንሽ ክሬም ይላል። "ነጭ ነው" ብዬ ሦስቱን እኩል ሳደርግ የጥጡን ክሬምነት እንደ ስህተት ቆጥሬ ሰማያዊ ጨምሬበታለሁ፤ ያ ሰማያዊ ደግሞ ፊቱ ላይ ወጣ።

ስለዚህ የማነጣጥረው እኩልነት ላይ ሳይሆን ያንን ልዩነት ላይ ነው፤ ቀዩ ከአረንጓዴው በ14 ከፍ፣ ሰማያዊው በ38 ዝቅ ይበል። የጥበቡን ጠርዝ መንካት የለብኝም፣ እጥፋቱ ውስጥ ያለውን ጥላም አልለካም፤ ትከሻ ላይ ያለውን ሰፊ ቦታ ብቻ። የሌላ ሴት ነጠላም አይሆንም። ከእሳቸው አጠገብ የተቀመጡት የለበሱት ከሱቅ የተገዛ የፋብሪካ ጨርቅ ሲሆን ካርዱ ባለበት ሾት ሰማያዊው ከቀዩ በልጦ ነው የተገኘው፤ የፋብሪካ ጨርቅ ላይና ሳሙና ውስጥ ያለው አንጪ ኬሚካል የቀን ብርሃን ሲመታው ሰማያዊ ያበራል። ሁለት "ነጭ" ነጠላ ጎን ለጎን፣ አንዱ ክሬም፣ አንዱ ሰማያዊ። ዓይን ሁለቱንም ነጭ ይላቸዋል።

እስከ ምሳ ሰዓት 70 ሾት አለቀ።

ሰኞ፣ ማታ

የድንኳኑ በር የሚታይባቸው ሾቶች ጉድ አመጡ። ከውስጥ ሰዉ ልክ ነው፤ በበሩ የሚታየው በፀሐይ የተመታው ግንብ ግን ሐምራዊ ሆኗል። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ውጭው ድንኳን አልነካውም፤ እኔ ግን ለድንኳኑ ብዬ ከመላው ሥዕል አረንጓዴ ቀንሻለሁ። አንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት ብርሃን ካለ አንድ ዋይት ባላንስ ለሁለቱም አይበቃም። በሩ ላይ ፓወር ዊንዶው፣ ማለትም እርማቱን አንድ ቦታ ላይ የሚወስን ቅርጽ፣ ሣልኩ፣ ጠርዙን አለሰለስኩት፣ እንቅስቃሴውን ትራክ አደረግኩት፣ ውስጡን በሌላ ኖድ ወደ ቦታው መለስኩት። 11 ሾት ነው፤ እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ወሰደ።

ከግንቡ በላይ ያለው ሰማይ ግን በዊንዶውም እንቢ አለ። ዌቭፎርሙን ሳየው ምክንያቱ ታየኝ። የሰማዩ ክፍል እንደ ጭስ የተበተነ ነጥብ ሳይሆን በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ያ ማለት ብርሃኑ ከሴንሰሩ አቅም በላይ ሆኖ ሦስቱም ቀለም ጣሪያ ነክተዋል። እዚያ ውስጥ ደመና የለም፣ ሰማያዊም የለም፤ አልተቀዳም። ኤክስፖዠሩን ብቀንሰው መስመሩ ዝቅ ይላል እንጂ ነጥብ አይሆንም፤ ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ ያው ነው። የተቃጠለ መሆኑን ከደማቅ ነገር የምለየው በዚህ ነው፦ ደማቅ ነገር ስታወርደው ዝርዝር ያወጣል፣ የተቃጠለው ቀጥ እንዳለ ይወርዳል።

ሦስቱም ጣሪያ ላይ እኩል ስለነበሩ ሰማዩ መጀመሪያ ነጭ ነበር። እኔ አረንጓዴውን ከቀዩና ከሰማያዊው ያነሰ ስላነሣሁት ነው ሐምራዊ የወጣው። መፍትሔው ሰማዩን መመለስ ሳይሆን ቀለሙን ማጥፋት ነው፤ ሉም ቨርሰስ ሳት በሚባለው ከርቭ የላይኛውን ጫፍ ሳቹሬሽን ወደ ዜሮ ጎትቼ ነጭ አድርጌው ተውኩት።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ትንሹ ካሜራ። ሎግ ስላልሆነ የኦፍሴቱ ዘዴ እዚህ አይሠራም፤ ኦፍሴትን ሳነሣ ድፍን ጥቁሩም አብሮ ተነሥቶ ሥዕሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። እዚህ የሚሆነው ጌይን ነው፤ ዜሮውን ባለበት ትቶ ከላይ ይዘረጋል። የእናትየውን ነጠላ በጌይን ሦስት ቀለም እያስተካከልኩ ወደ ትልቁ ካሜራ ልዩነት አመጣሁት። የትልቁን ሾት ስቲል አድርጌ ይዤ ግማሽ በግማሽ ጎን ለጎን እያየሁ ነው የሠራሁት፤ የሁለቱ ፓሬድም አብሮ ለሁለት ይከፈላል፣ ልዩነቱ እንደ ደረጃ ይታያል።

የጨለሙትን ሳነሣ ፓሬዱ ላይ ማበጠሪያ ወጣ፤ በነጥቦቹ መሐል ባዶ መስመር ባዶ መስመር ይታያል። 8 ቢት ማለት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው፤ እላዩ ላይ ሲዘረጋ በደረጃዎቹ መሐል ክፍተት ይፈጠራል። ፊት ላይ ብዙ አያስታውቅም፤ ምሽት ላይ በተነሣው የሸራ ጀርባ ላይ ግን ቀለሙ በረድፍ በረድፍ ተሰንጥቆ ይታያል። አንድ ስቶፕ ማንሣት የሚገባቸውን ግማሽ ስቶፕ ብቻ አንሥቼ ተውኳቸው። ትንሽ የጨለመ ሥዕል ከተሰነጠቀ ይሻላል።

ያስቸገረኝ ሌላው የ38 ሰከንድ የእስክስታ ሾት ነው። መጀመሪያው ልክ ሲሆን መጨረሻው ሰማያዊ ነው። ሾቱን እያስኬድኩ ፓሬዱን ብቻ አየሁት። ቀይ ካባ የለበሱት ሲገቡ ሰማያዊው ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ፤ የነጠላው ሰማያዊ በ6 ሰከንድ ውስጥ 50 ነጥብ ያህል ወጣ። አውቶ ዋይት ባላንሱ "ሥዕሉ ቀላ" ብሎ አስቦ እያቀዘቀዘ ነው። ሥዕሉን ብቻ ባየው የት እንደጀመረ መለየት አልችልም ነበር፤ ፓሬዱ ላይ ግን መነሻውና መድረሻው በግልጽ ይታያል። ሁለቱም ላይ ኪፍሬም አስቀምጬ ጌይኑን በተቃራኒው አስኬድኩት። ወደ ልጁ ደወልኩ፦ "ወንድሜ፣ ከነገ ጀምሮ አውቶ ላይ እንዳትተወው። 5600 ላይ ቸንክረው፣ ቢሳሳትም አንድ ዓይነት ስህተት ይሳሳት።" አንድ ዓይነት ስህተት በአንድ እርማት ያልቃል።

ረቡዕ፣ ጠዋት

የቡናው ትዕይንት፣ ትንሽ ነገር። ዕጣኑ ጨሶ ዌቭፎርሙ ታች 90 ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በታች ምንም የለም። ልማዴ ጥላውን የሚያንቀሳቅሰውን ሊፍት ይዤ ወደ ዜሮ ማውረድ ነው፤ አወረድኩት፣ ጭሱ ጠፍቶ የረከቦቱ ሥር ጭቃ ሆነ። መለስኩት። ክፍሉ ውስጥ በእውነት ጥቁር የለም፣ ጭሱ ሸፍኖታል። ስኮፑ ዜሮ ካልነካ ስህተት ነው የሚል ሕግ የለም።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

የፊት ፍተሻ። ፊት ላይ ዊንዶው ሣልኩና `Shift+H` ተጫንኩ፤ ከፊቱ ውጭ ያለው ሁሉ ግራጫ ስለሚሆን ቬክተርስኮፑ ላይ የሚቀረው የፊቱ ቀለም ብቻ ነው። በቀይና በቢጫ መሐል የሚያልፍ የቆዳ ቀለም መስመር አለ። መነሻው የድሮው የአሜሪካ ባለቀለም ቴሌቪዥን ስሌት ነው፣ ግን ለእኛም ይሠራል፤ ጠይሙም፣ ቀይ ዳማውም፣ ጥቁሩም አቅጣጫቸው ከዚያ መስመር ብዙ አይርቅም። የሚለያዩት በድምቀትና በብርታት ነው።

ድምቀቱ ላይ ግን የውጭ መጻሕፍትን ማመን አያስፈልግም። ካሜራዎች ላይ ብርሃኑ የደረሰበትን ቦታ በሰረዝ የሚያሳየው የ70 ከመቶ ዚብራ ለነጮች ፊት የተለመደ ነው። ሙሽራው ጠይም ነው፤ ፊቱን 70 ላይ ባደርሰው ግንባሩ ያንጸባርቃል፣ ነጠላው ደግሞ ይቃጠላል። ጥላውን ትቼ የፊቱን ሰፊ ክፍል 430 አካባቢ፣ ማለትም 42 ከመቶ ላይ አስቀመጥኩት። ሙሽራዋ ቀይ ዳማ ናት፤ አጠገቡ ስትቀመጥ 520 ላይ ወጣች። ሁለቱን እኩል ላድርግ አልልም፣ አብረው ሲቀመጡ እንደዚያው ናቸው።

የአራት ሰዎች ፊት ከመስመሩ ወደ አረንጓዴው ዘንበል ይላል። ሸራው ሥር ጠርዝ ላይ የተቀመጡት ናቸው፤ ከሣሩም የሚነሣ አረንጓዴ አለ። አገጫቸው ሥር ብቻ ነው የሚታየው። ተውኩት፤ ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው አገጭ እንደዚያ ነው።

እርማቱ አለቀ። 214ቱንም በትንንሽ ሥዕል ደርድሬ አየሁ፤ የሚዘል የለም። አያምርም ግን። ደረቅ ነው፣ እንደ መታወቂያ ፎቶ። እንዲህ መሆን አለበት።

ሐሙስ

ዛሬ ግሬዲንግ። ድንኳኑን በአንድ ግሩፕ፣ ቤት ውስጥ ያለውን በሌላ ግሩፕ አደረግኩና መልኩን ፖስት-ክሊፕ ላይ ሠራሁት፤ አንድ ኖድ ብነካ የግሩፑ ሾት ሁሉ ይለወጣል። ጥላው ላይ ትንሽ ሰማያዊ፣ መሐሉና ላዩ ላይ ወርቃማ፣ ለስለስ ያለ ኤስ ከርቭ። ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ሌሊት በዓይኔ ስፈልገው ያደርኩት መልክ ራሱ ነው፤ ሥሩ ስለተስተካከለ አሁን ሁሉም ሾት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ተቀመጠ።

ፓሬዱ አሁን እኩል አይደለም፤ የነጠላው ሰማያዊ ከ690 ወደ 640 ወርዷል። ይሄ ስህተት አይደለም፣ የመረጥኩት ነው። አሁን የምፈትሸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ጣሪያው ላይ ቀጥ ያለ አዲስ መስመር እንዳልሠራሁና ፊቱ ከቆዳው መስመር እንዳልሸሸ። ፊቱ ትንሽ ወደ ቢጫ ሄዶ ነበር፤ ወርቃማውን በሲሶ ቀነስኩት።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ሙሽራዋና እናቷ መጥተው አዩ። ሙሽራዋ ወደደችው። እናትየው ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ካዩ በኋላ፦

"ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ አምሮልሃል። ግን ነጠላዬን ምን አደረግኸው? ያልታጠበ አስመሰልከኝ።"

"እማማ፣ መልኩ ነው፤ ሞቅ እንዲል ብዬ ነው።"

"ለመልሱ ብዬ ሁለት ቀን አጥቤ፣ አስጥቼ፣ በጭስ አጥኜ ነው የለበስኩት።"

ልክ ናቸው። ስኮፑ ላይ 640ን አይቼ "ምርጫዬ ነው" ያልኩት ቁጥር ለእሳቸው ያልታጠበ ነጠላ ነው። እርማቱን አልነካሁትም፤ የነካሁት የግሩፑን አንድ ኖድ ነው። ወርቃማውን ከመሐሉ ላይ ትቼ ከ650 በላይ ካለው ብርሃን ላይ አነሣሁት፤ ፊት 430ና 520 ላይ ስለሆነ አልተነካም፣ የነጠላው ሰማያዊ ግን ወደ 685 ተመለሰ። ድንኳኑ ሥር ያለው ሁሉ በአንዴ ተለወጠ።

መልሼ ከፈትኩላቸው። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ትከሻቸውን አዩት፣ ከዚያ ለልጃቸው "እሱስ እንዲህ ነበር" አሏት። ሬንደሩን አስጀምሬ ሸኘኋቸው።